ክሎዛፒን ሲጀመር፦ ደሙ፣ ሆዱና ልቡ

እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንላንድ ውስጥ ክሎዛፒን የተባለ አዲስ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለገበያ በቀረበ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከሚወስዱት ሕሙማን መካከል ስምንቱ ሞቱ። የገደላቸው የአእምሮ ሕመማቸው አልነበረም። ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው ተሟጠው ስለነበር፣ በሌላ ጊዜ በቀላሉ የሚያልፍ ኢንፌክሽን አሸነፋቸው። መድኃኒቱ በበርካታ አገሮች ከገበያ ወጣ፤ በሌሎችም አጠቃቀሙ በጥብቅ ተገደበ።

ጨርሶ ያልተረሳው ምንም ሌላ መድኃኒት ያልረዳቸውን ሰዎች ስለሚረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ኬንና ባልደረቦቹ፣ ሌሎች መድኃኒቶች ያልሠሩላቸውን 268 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ለሁለት ከፍለው ለስድስት ሳምንት ተከታተሉ። የተለመደውን ክሎርፕሮማዚን ከወሰዱት የተሻላቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ክሎዛፒን ከወሰዱት ግን 30 በመቶው ተሻላቸው። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክሎዛፒን እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ደም ሳይመረመር መድኃኒት እንዳይሰጥ ነበር።

ዛሬም የሕክምና መመሪያዎች ክሎዛፒንን ለመጨረሻ ያቆዩታል። ሕመምተኛው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን በበቂ መጠን፣ እያንዳንዳቸውን ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ያህል በትክክል ወስዶ ካልተሻለው ክሎዛፒን ይታሰብለታል። ቤተሰቦች ስሙን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ደም ምርመራው ነው። ደሙ ግን ከሦስቱ አደጋዎች አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሆድ ድርቀት ነው፤ ብዙዎች ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ሦስተኛው የልብ ጡንቻ ብግነት ሲሆን ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል።

ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወጣቱ በእውን ያለ ሰው አይደለም፤ በሕክምና ቦታ የሚያጋጥመውን ለማስረዳት የተበጀ ነው። ዕድሜው 27 ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናቱ ጋር ይኖራል። ሪስፐሪዶንም ኦላንዛፒንም ሞክሮ ድምፆቹ አልለቀቁትም።

ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ነው። ክሎዛፒን በጥቂት ሰዎች ላይ የሚያሟጥጠው እነዚህኑ ነው። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት መድኃኒቱን ለመጀመር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ቢያንስ 1500 ኒውትሮፊል መገኘት አለበት። የወጣቱ ውጤት 1300 ሆነ።

ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ ቢያይ "አይሆንም" ብሎ ፋይሉን ይዘጋ ነበር። እሱ ግን የድሮ ውጤቶችን አስወጣ። ከአምስት ዓመት በፊት ለሥራ ተብሎ የተደረገ ምርመራ 1250 ይላል፤ ሌላው 1400። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን አልነበረበትም። ይህ በሽታ አይደለም። ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ በሚመነጩ ብዙ ሰዎች ዘንድ የኒውትሮፊል ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፤ ሰውየው ግን ጤነኛ ነው። ከአብዛኛው ሁኔታ ጀርባ ያለው ደፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ የዘር ውርስ ነው። ይህ ልዩነት ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያንና በየመን አይሁዶች ላይ ጭምር የተጠና ነው።

ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የአሜሪካ መመሪያ ሌላ ሚዛን አለው፤ መነሻው 1000 ነው። የተለመደ ቁጥራቸውን ለማወቅም ከመጀመራቸው በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመረመራሉ። ወጣቱ በድጋሚ ሲመረመር 1350 መጣ። ስለዚህ መጀመር ይችላል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ቢገጥመው ኖሮ፣ ምንም ሳይሆን መድኃኒቱን ይነፈግ ነበር፤ አለዚያም በመጀመሪያው ሳምንት "ደምህ ወርዷል" ተብሎ ይቋረጥበት ነበር።

በዚያው ቀን የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ሙቀቱና ክብደቱ ተለኩ፤ ኢሲጂ ተነሣ። ሁለት የደም ምርመራዎችም ተጨመሩ። አንዱ ትሮፖኒን ነው፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው። ሌላው በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ሲአርፒ ነው። ሁለቱም የተለመደ ውጤት አሳዩ። ሲያርፍ የልብ ምቱ በደቂቃ 78 ነበር። በኋላ ሐኪሙ የሚያመሳክረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው፤ መነሻው ካልታወቀ መጨመሩን ማወቅ አይቻልምና።

መጨረሻ ላይ ነርሷ ሆዱ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚወጣለት ጠየቀችው። ወጣቱ አፈረ። እናቱ መለሱለት።

በግማሽ ኪኒን

የመጀመሪያው ማታ የሚወሰደው 12.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ባለ 25 ሚሊ ግራሙ ኪኒን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ማለት ነው። ሐኪሙ በዚህ መጠን የሚጀምረው ክሎዛፒን የደም ግፊትን በድንገት ሊጥልና ሰውን ሊያዞር፣ ከመጠን በላይ ሲፈጥንም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል ነው። በሁለተኛው ቀን 25 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይጨመራል። የመድኃኒቱ መመሪያ በሁለት ሳምንት ውስጥ 300 ሚሊ ግራም ላይ መድረስን ይፈቅዳል። ዛሬ ግን ብዙ ሐኪሞች፣ በተለይ ሕመምተኛው ቤቱ ሆኖ ሲጀምር፣ ከዚያ ይልቅ ይዘገያሉ። ፈጥኖ መጨመር የልብ ብግነትን አደጋ ከፍ እንደሚያደርግ ስለታወቀ ነው። የእኛ ወጣት በሰባተኛው ቀን 75፣ በአሥራ አራተኛው 150 ሚሊ ግራም ላይ ደረሰ።

ለቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን የሚነገር አንድ ሕግ አለ። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ለ48 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይወስድ ከቀረ፣ በነበረበት መጠን አይቀጥልም፤ እንደገና ከ12.5 ይጀምራል። ሰውነቱ መድኃኒቱን በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚረሳው፣ የለመደው መጠን ራሱ ሊጥለው ይችላል።

የደሙ ቀጠሮ

በአሜሪካ መመሪያ የደም ምርመራው ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ በየወሩ ነው። በእንግሊዝ ሳምንታዊው ምርመራ 18 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ እስከ ዓመቱ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ ይሆናል። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ የሚያጠብቁት አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ነው፤ ከዓመት በኋላ በእጅጉ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና ከባድ የኒውትሮፊል መውረድ ከመቶ ተጠቃሚ ወደ አንድ ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል።

ቁጥሩ ሲወርድ የሚደረገውም ደረጃ በደረጃ ነው። ለአብዛኛው ሰው ከ1000 እስከ 1499 ከሆነ መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ ምርመራው ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሆናል። ከ500 እስከ 999 ከሆነ መድኃኒቱ ይቆምና ቁጥሩ እስኪመለስ በየቀኑ ይመረመራል። ከ500 ከወረደ ይቆማል፤ ሕመምተኛውም እንደ ድንገተኛ ሕመም ይታያል። እንደ ወጣታችን ቁጥራቸው በተፈጥሮ ዝቅ ላለ ሰዎች ግን ከ500 እስከ 999 ላይ እንኳ መድኃኒቱ ሊቀጥል ይችላል፤ ምርመራው ብቻ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ አሜሪካ ውስጥ የደም ውጤት በብሔራዊ መዝገብ ካልገባ ፋርማሲ መድኃኒቱን መስጠት አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት አስተዳደሩ ይህን ግዴታ አነሣ። ምርመራው አሁንም ይመከራል፤ የሚያስገድድ በር ግን የለም። ቀጠሮውን መጠበቅ አሁን የሐኪሙና የቤተሰቡ ኃላፊነት ሆኗል።

"ደህና ነኝ" የማይታመንበት ሆድ

በዘጠነኛው ቀን ነርሷ ስልክ ደወለችና "ሆድህ እንዴት ነው?" አለችው። "ደህና ነው" አላት። እናቱ ግን ስልኩን ተቀብለው፣ "ከእሑድ ወዲህ ሽንት ቤት አልተቀመጠም" አሏት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ክሎዛፒን የአንጀትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱትን የነርቭ መልእክቶች ስለሚያግድ አንጀት ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዚላንድ ውስጥ ሱዛና ኤቨሪ-ፓልመርና ባልደረቦቿ፣ በኤክስሬይ ላይ የሚታዩ ትናንሽ ምልክቶችን ለሕሙማን አውጠው በትልቁ አንጀት ውስጥ ለማለፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ለኩ። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱት መካከለኛ ጊዜ 23 ሰዓት ነበር፤ ክሎዛፒን የሚወስዱት ግን 104 ሰዓት፣ ከአራት ቀን በላይ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጠው ሕሙማኑ የሚናገሩት ከሚለካው ጋር አለመገጣጠሙ ነው። አንጀቱ የዘገየበት ሰው "ምንም አላመመኝም" ሊል ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "እንዴት ነህ?" ሳይሆን "ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጥከው መቼ ነው? ምን ዓይነት ነበር?" የሚለው ነው።

ድርቀቱ ሲከፋ አንጀቱ ሊዘጋ፣ ሊነፋና ሊቀደድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ያሰባሰባቸው 102 ከባድ ሕመምተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። የአሜሪካው አስተዳደር በ2020 ማስጠንቀቂያውን ያጠናከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በኒውዚላንድ ፖሪሩዋ በተሰየመው የሕክምና ሥርዓት ማስታገሻው ድርቀቱ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሐኪሙ ሰገራ የሚያለሰልሰውን ዶኩሴትና አንጀት የሚያነቃቃውን ሴና በየቀኑ ያዝዛል፤ ካልበቃ በውኃ የሚበጠበጠውን የማክሮጎል ዱቄት ይጨምራል። ይህ ሲደረግ የመካከለኛው ጊዜ ከ110 ሰዓት ወደ 62 ወርዷል። ወጣቱም ሴናውን ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ነበር የሚወስደው፤ በዘጠነኛው ቀን ማክሮጎል ተጨመረለትና በማግስቱ ሆዱ ወጣለት። ባይወጣለት ኖሮ ሐኪሙ ሆዱን ዳስሶ፣ ሰገራ ታምቆ እንደሆነ ያይ ነበር።

እናቱ ለልጃቸው ተልባ ሊያዘጋጁለት አስበው ነበር። ለተለመደ ድርቀት ተልባ ይጠቅማል። በዛለ አንጀት ውስጥ ግን ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ ነገር መንቀሳቀሻ አጥቶ መከማቸት ይችላል። ሐኪሞች ለክሎዛፒን ድርቀት እንደ ኢስፓጉላ ያሉ የሚያብጡ ማለስለሻዎችን የሚያስወግዱት ለዚህ ነው፤ ተልባም በዚሁ መንገድ ስለሚሠራ የመድኃኒቱ ምትክ አይሆንም። ውኃ መጠጣትና መንቀሳቀስ ያግዛሉ፤ ማስታገሻውን ግን አይተኩም። ለመንቀጥቀጥ የሚሰጡ እንደ ትራይሄክሲፌኒዲል ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ድርቀቱን ስለሚያባብሱ፣ ሕመምተኛው የሚወስደው ሁሉ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ከዚህ በኋላ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ፦ ሆድ መወጠርና መንፋት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ማስታወክ፣ ወይም ማስታገሻ እየተወሰደ ሦስት ቀን ሙሉ ሆድ አለመውጣት። አንዳንዴም ከረጅም ድርቀት በኋላ ቀጭን ተቅማጥ ይመጣል። ቤተሰብ "ተፈታለት" ብሎ ማስታገሻውን ያቆማል፤ ሆኖም ቀጭኑ ፈሳሽ በታመቀው ሰገራ ጎን ተንሸራቶ የወጣ ሊሆን ይችላል።

ጉንፋን የሚመስለው ሦስተኛው ሳምንት

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ወጣቱ ደከመው፤ ሰውነቱን ቆረጠመው። ሙቀቱ 38.1 ሆነ፤ ሲያርፍ የልብ ምቱ 112። እናቱ ጉንፋን ነው ብለው ዝንጅብል አፈሉለት። ነርሷ ግን የቀኑን ቁጥር ስትሰማ ወደ ሆስፒታል እንዲመጣ አደረገች። የልብ ምቱ ከመነሻው በ34 ጨምሮ ነበር።

ከክሎዛፒን ጋር የሚመጣው የልብ ጡንቻ ብግነት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአሥረኛው ቀን በኋላ፣ ይልቁንም በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ነው። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ሲያርፉ የልብ ምት መፍጠን፣ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠርና ያልተለመደ ድካም ናቸው። አንዳንዱ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ብቻ ሊኖረው ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ክሎዛፒን ያለ ምንም ብግነት ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ማምጣቱ ነው። ሁሉን ትኩሳት ብግነት ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ ለብዙዎች የቀራቸውን ብቸኛ መድኃኒት መንሣት ነው፤ ሁሉን ጉንፋን ብሎ ማለፍ ደግሞ ሰው ይገድላል።

አውስትራሊያ ውስጥ ካትሊን ሮናልድሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የክትትል ሥርዓት ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። ትሮፖኒንና ሲአርፒ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሰባት ቀኑ ይለካሉ። ምልክት ከታየ፣ የልብ ምቱ ከ120 ካለፈ ወይም ከመነሻው ከ30 በላይ ከጨመረ፣ ወይም ሲአርፒ ከ50 እስከ 100 ከሆነ፣ ክሎዛፒን ይቀጥላል፤ ምርመራዎቹ ግን በየቀኑ ይሆናሉ። ትሮፖኒን ከተለመደው ጣሪያ እጥፍ ካለፈ ወይም ሲአርፒ ከ100 ካለፈ መድኃኒቱ ወዲያው ይቆምና የልብ ሐኪም ኢኮ ያነሣል።

የወጣቱ ትኩሳት ሁለት ጥያቄ ነበረው፤ የመጀመሪያው ስለ ደሙ፣ ሁለተኛው ስለ ልቡ። ኒውትሮፊሉ 1400 ሆነ፤ ለእሱ የተለመደ ቁጥር ነው። ትሮፖኒኑ ከፍ አላለም። ሲአርፒው ግን 62 ደረሰ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አላቆመም፤ ለጥቂት ቀናት ግን መጠኑን መጨመር አቆመ። በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ክሎዛፒን ከደም ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ የተወሰደው መጠን ሳይለወጥ በደም ውስጥ ያለው ሊበዛ ይችላል። ኢሲጂ ተደገመ፤ ለውጥ አልታየበትም። በማግስቱ ሲአርፒው 55 ነበር፤ ትሮፖኒኑ በነበረበት ቆየ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፣ የልብ ምቱ ወደ 96 ወረደ፣ ሲአርፒውም 20 ሆነ። መጠኑን በዝግታ መጨመር ቀጠለ።

ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ሙቀቱ 38.5 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን፣ የአሜሪካው መመሪያ መድኃኒቱን ለጊዜው አቋርጦ ደሙን መመርመር ያዛል። ከክሎዛፒን ጋር ቫልፕሮዌት የሚወስዱ ሰዎች የልብ ብግነት አደጋቸው ከፍ ስለሚል፣ ከተቻለ ሐኪሞች በመጀመሪያው ወር ሁለቱን አብረው አይጀምሩም። ብግነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ክሎዛፒንን እንደገና መሞከር ሲገባ እንኳ ከልብ ሐኪም ጋር ተመክሮበት ነው።

ወሩ ሲያልቅ ወጣቱ በቀን 250 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ድምፆቹ አልጠፉም፤ ግን ቀንሰዋል፤ ሐኪሙ ለማወቅ ገና ጊዜ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የደሙ ምርመራ ለስድስት ወራት በየሳምንቱ ይቀጥላል። የሆዱ ማስታገሻም ክሎዛፒኑ እስካለ ድረስ ይቀጥላል፤ ይህን ብዙ ሰው አይነገረውም።

ሰው በቤታችሁ ክሎዛፒን ከጀመረ፣ በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሆዱ የወጣበትን ቀን፣ ሙቀቱን፣ ሲያርፍ ያለውን የልብ ምት። ትኩሳት፣ ጉሮሮ ማሳመም ወይም የአፍ ቁስል ከመጣ በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር፤ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሁለት ቀን ካለፈው ደግሞ ከሐኪሙ ሳትነጋገሩ የድሮውን መጠን አትስጡት።